የዶላር ክፍያ ሲገባ የተመን ልዩነቱ የት ይመዝገብ? ሦስት መንገዶች ሲነጻጸሩ

ጳጉሜን ሊገባ ሲል አንድ የሶፍትዌር ቢሮ ባለቤት ደወለልኝ። ዓመቱ 2016 ነው። ድምፁ ላይ ደስታ አለ። «የነሐሴ ሽያጫችን ሚሊዮን ብር ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ለልጆቹ ቦነስ ልሰጥ አስቤያለሁ» አለኝ። መዝገቡን ከፍቼ አየሁት። ያ ሁሉ «ሽያጭ» አንድ የ10,000 ዶላር ኢንቮይስ ነበር። ሥራው ሰኔ ላይ አልቋል፣ ኢንቮይሱም ሰኔ ላይ ተልኳል። ቢሮው ሰኔ ላይ የሸጠው ዋጋ በብር ሲሰላ 570,000 ነበር። ሌላው ከሥራው የመጣ አይደለም፤ ከምንዛሪ የመጣ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መግዣ ከ74 ብር በላይ ሆነ። ነሐሴ ላይ 100 ብር አካባቢ ደረሰ። ከዚያ በፊት የተመን ልዩነት በብዙ ትንንሽ ቢሮዎች መዝገብ ውስጥ የሳንቲም ጉዳይ ስለነበር ማንም ልብ አይለውም ነበር። አሁን ግን የትርፍና ኪሳራ መግለጫውን መልክ ሙሉ በሙሉ ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ልዩነቱን የት ነው የምንመዘግበው የሚለው ምርጫ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በየቢሮው የማያቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ብቻ መመዝገብ ነው። ሁለተኛው ኢንቮይሱን በተላከበት ቀን ተመን መዝግቦ፣ ክፍያ ሲመጣ ልዩነቱን ለብቻው ማውጣት ነው። ሦስተኛው እንደ ሁለተኛው ሆኖ፣ ሰኔ 30 ላይ ያልተከፈለውን ኢንቮይስ እንደገና መተመን ይጨምራል። ከላይ ያለውን የ10,000 ዶላር ኢንቮይስ በሦስቱም ላሳልፈው። ስሌቱ እንዲቀል ተመኖቹን አጠጋግቻለሁ፦ ኢንቮይሱ በተላከበት ሰኔ 3 ቀን 57 ብር፣ ሰኔ 30 ላይ 57.40፣ ክፍያው በገባበት ነሐሴ 10 ቀን 100 ብር።

መጀመሪያ፦ የጎደለው ሁሉ የምንዛሪ ኪሳራ አይደለም

ወደ ንጽጽሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልለይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባንኩ የገባው 9,970 ዶላር ነበር። 30 ዶላሩን መሐል ላይ ያለው አስተላላፊ ባንክ ቆርጦታል። ይህ የባንክ አገልግሎት ክፍያ እንጂ የምንዛሪ ኪሳራ አይደለም። ቆራጩን ለማወቅ ባንካችሁን የስዊፍት መልእክቱን ቅጂ ጠይቁ። በላዩ ላይ `SHA` የሚል ካለ በመንገድ ላይ የሚቆረጠው ከእናንተ ገንዘብ ነው ማለት ነው። `OUR` ከሆነ ደንበኛው ራሱ ይሸፍናል። በውላችሁ ላይ ደንበኛው `OUR` ብሎ እንዲልክ ብታስገቡ ይህ ራስ ምታት ይቀንሳል።

ሁለቱን የምትለዩበት መንገድ ቀላል ነው። በዶላር የጎደለ ነገር የባንክ ወጪ ነው። በዶላር ሞልቶ በብር የተለወጠ ነገር የምንዛሪ ልዩነት ነው። መጀመሪያ በዶላር አስታርቁ፣ ከዚያ ወደ ብር ሂዱ። ተገላቢጦሽ ከሄዳችሁ ሁለቱ ይቀላቀሉና ማንም ሊለያቸው አይችልም።

አንደኛው መንገድ፦ ሲገባ ብቻ መመዝገብ

ሰኔ ላይ ምንም አይጻፍም። ነሐሴ 10 ቀን ሽያጭ 997,000 ብር ይባላል፣ አለቀ። የምንዛሪ ትርፍም ኪሳራም የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ሽያጭ ውስጥ ገብቷል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ሥራ የለውም። ብቻውን የሚሠራ፣ ኢንቮይስ በላከ በሳምንቱ የሚከፈለው፣ መዝገቡም ለራሱ ማስታወሻ ብቻ የሆነ ሰው በዚህ ቢሄድ አልቃወመውም። በአምስት ቀን ውስጥ ተመኑ የሚለወጠው ጥቂት ነው።

ቢሮ ላለው፣ አጋር ላለው፣ ኦዲተር ለሚያየው ግን ይህ መንገድ ሁለት ነገር ያበላሻል። በመጀመሪያ ሥራው የተሠራው በ2016 የበጀት ዓመት ነው። ሽያጩ ግን በ2017 ዓመት ውስጥ ይታያል። የሰኔ የሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ዓመት፣ ያ ደመወዝ ያመጣው ገቢ በሌላ ዓመት ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፤ ባለቤቱ ሥራው ያደገ ይመስለዋል። የደወለልኝ ሰው ሊሰጥ የነበረው ቦነስ ሠራተኞቹ ያመጡትን ትርፍ መሠረት ያደረገ አልነበረም። ቦነስ ይስጥ፣ ጥሩ ነው። ግን ምን አይቶ እንደሚሰጥ ማወቅ አለበት።

በአዋጅ 847/2006 መሠረት ዓለም አቀፉን የሂሳብ አያያዝ ደረጃ የሚከተል ድርጅት ደግሞ ይህን መንገድ ጭራሽ መጠቀም አይችልም። ደረጃው፣ ማለትም አይኤኤስ 21፣ ግብይቱ በተፈጸመበት ቀን ተመን እንዲመዘገብ ይጠይቃል።

ሁለተኛው መንገድ፦ በኢንቮይሱ ቀን መዝግቦ፣ ሲከፈል ልዩነቱን ማውጣት

ሰኔ 3 ቀን ተሰብሳቢ ሂሳብ 570,000 ብር ዴቢት፣ ሽያጭ 570,000 ብር ክሬዲት ይሆናል። ሽያጩ ከዚህ በኋላ አይነካም። ተመኑ መቶም ይግባ ሃምሳ፣ የሸጥነው በ570,000 ነው።

ነሐሴ 10 ቀን ክፍያው ሲገባ ባንኩ ገንዘቡን ለሁለት ከፈለው። ያኔ በወጣው የውጭ ምንዛሪ መመሪያ ላኪዎች ከገቢያቸው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ ሂሳባቸው እንዲያቆዩ ተፈቅዶ ነበር፤ ከዚያ በፊት 40 በመቶ ነበር። (ለእናንተ ዛሬ የሚሠራውን መጠን ከባንካችሁ ጠይቁ።) ስለዚህ 4,985 ዶላር ተሽጦ 498,500 ብር በብር ሂሳብ ገባ። ቀሪው 4,985 ዶላር በዶላር ሂሳብ ተቀመጠ፤ በዚያ ቀን ተመን በመዝገባችን 498,500 ብር ነው። መንገድ ላይ የተቆረጠው 30 ዶላር 3,000 ብር የባንክ ወጪ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 1,000,000 ብር ይሆናሉ።

በአንድ በኩል ተሰብሳቢው 570,000 ተዘጋ፣ በሌላ በኩል 1,000,000 መጣ። ልዩነቱ 430,000 ብር የምንዛሪ ትርፍ ተብሎ ለብቻው ይመዘገባል። ቀመሩ ይኸው ነው፦

(የክፍያ ቀን ተመን − በመዝገቡ ላይ ያለው ተመን) × የተዘጋው ዶላር

መልሱ ከዜሮ በታች ከመጣ ኪሳራ ነው። ደንበኛው በሁለት ጊዜ ከከፈለ ለእያንዳንዱ ክፍያ በራሱ ቀን ተመን ለየብቻ ይሰላል፤ አማካይ አትውሰዱ።

አሁን ባለቤቱ ሁለት ነገር ያያል። ሥራው 570,000 አመጣ። ምንዛሪ 430,000 አመጣ። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ተለይተው መቆማቸው ለሚቀጥለው ውሳኔ ሁሉ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ለሚቀጥለው ደንበኛ ዋጋ ሲያወጣ የሚነሳው ከመጀመሪያው ቁጥር ነው።

ልዩነቱ ሁልጊዜ ትርፍ እንዳይመስላችሁ። በብር የሚመዘግብ ሰው ባለፉት ዓመታት ትርፉን ስለለመደ ኪሳራውን ይረሳል። ዋሽንግተን ተቀምጦ ለጀርመን ደንበኛ በዩሮ የሚያስከፍል ተርጓሚ አስቡ። በፈረንጆቹ 2022 ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ዩሮ 1.07 ዶላር ገደማ ነበር። የ5,000 ዩሮ ኢንቮይስ ልኮ 5,350 ዶላር መዘገበ። ደንበኛው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲከፍል ዩሮውና ዶላሩ እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። አንዱን በአንድ ብናደርገው 5,000 ዶላር ገባ፤ 350 ዶላር የምንዛሪ ኪሳራ ማለት ነው። ሥራው አልተበላሸም፣ ደንበኛው አልቀነሰም። ሦስት ወር መጠበቁ ነው ያስከፈለው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሰኔ 30 ላይ እንደገና መተመን

ሁለተኛው መንገድ አንድ ክፍተት አለው። ሰኔ 30 መዝገብ ሲዘጋ ኢንቮይሱ ገና አልተከፈለም። በመዝገቡ ላይ ያለው በሰኔ 3 ተመን ነው፤ የሰኔ 30 ተመን ግን ሌላ ነው። አይኤኤስ 21 እንደ ተሰብሳቢ፣ ተከፋይና የባንክ ሂሳብ ያሉ በገንዘብ የሚቋጩ ሂሳቦች በዓመቱ መዝጊያ ተመን እንዲታዩ ያዛል።

በእኛ ምሳሌ 10,000 ዶላር በ57.40 ሲባዛ 574,000 ብር ይሆናል። 4,000 ብር ወደ ተሰብሳቢው ይጨመራል፣ ያው 4,000 ደግሞ የ2016 ዓመት የምንዛሪ ትርፍ ይባላል። ይህ በወረቀት ላይ ያለ ትርፍ ነው፤ እጅ አልገባም። ነሐሴ ላይ ክፍያው ሲመጣ የሚዘጋው ተሰብሳቢ 574,000 ስለሆነ የ2017 ዓመት ትርፍ 426,000 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ ያው 430,000 ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ በምን እንደሚለያዩ በደንብ ይታያል። ጠቅላላ ትርፉ አንድ ነው። የሚለያየው የትኛው ዓመት የትኛውን ይወስዳል የሚለው ብቻ ነው። ሰኔ 30 ላይ ያልተከፈለ የውጭ ኢንቮይስም የዶላር ሂሳብም የሌለው ቢሮ በሁለተኛው ቢሄድ በሦስተኛው እንደሄደ ነው። አንድ እንኳ ካለው ግን ሦስተኛውን ይያዝ።

የ2016 መዝጊያ ላይ ብዙ ሰው የጠየቀኝ ጥያቄ ነበር። የዓመቱን ሂሳብ የሠሩት ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ተመኑ ያኔ 100 ደርሷል። «ታዲያ በ57.40 መተመን ሐሰት አይሆንም ወይ?» አይሆንም። ሰኔ 30 ላይ የነበረው ተመን እሱ ነው። ለውጡ የመጣው ከ22 ቀን በኋላ ነው። ከመዝጊያው በኋላ የተፈጠረ የተመን ለውጥ የቀደመውን ዓመት ቁጥር አይቀይርም። ለውጡ ከባድ ከሆነ ግን በሂሳብ መግለጫው ማብራሪያ ላይ ይጻፋል። የዚያን ዓመት ተሰብሳቢ በ100 የተመኑ መዝገቦች አጋጥመውኛል፤ የ2016 ትርፋቸው ያለ ቦታው አብጦ ነበር።

ሌላው የሚረሳው በዶላር ሂሳብ የተቀመጠው 4,985 ነው። ክፍያው ስለገባ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ዶላሩ በዶላር እስከተቀመጠ ድረስ የብር ዋጋው ይንቀሳቀሳል። ከዚህ ላይ 1,200 ዶላር ለሰርቨር ኪራይ ተመኑ 110 በሆነበት ቀን ከፈላችሁ እንበል። ወጪው 132,000 ብር ተብሎ ይመዘገባል። ዶላሩ ግን በመዝገቡ ላይ የተያዘው በ100፣ ማለትም በ120,000 ነበር። የ12,000 ብር ልዩነት የምንዛሪ ትርፍ ነው። የቀረው 3,785 ዶላር ደግሞ በሚቀጥለው ሰኔ 30 ይተመናል። ተመኑ ያኔ ለምሳሌ 130 ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ዶላር 30 ብር፣ በድምሩ 113,550 ብር ሌላ የወረቀት ትርፍ ይመጣል። ይህን ያልመዘገበ ቢሮ የባንክ ስቴትመንቱና መዝገቡ በዶላር ተስማምተው በብር ይለያዩበታል።

በሂሳብ መደቡ ላይ ሁለት መስመር ክፈቱ፤ አንዱ እጅ ለገባ ልዩነት፣ ሌላው በወረቀት ላይ ላለ። የሁለቱ ድምር በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ አብሮ ቢወጣም፣ ባለቤቱ የትርፍ ክፍፍል ሲያስብ በወረቀት ላይ ያለውን ብር ሊያከፋፍል እንደማይችል በግልጽ ያየዋል። የግብር ሂሳብ ሲሠራም ሁለቱን ለየብቻ ማሳየት ያስፈልጋችኋል።

የትኛው ተመን?

የባንክ ሰሌዳ ላይ መግዣና መሸጫ አለ፤ ብሔራዊ ባንክም የራሱን አመላካች ተመን ያወጣል። ከውጭ ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው የሚያስፈልገው የራሱ ባንክ መግዣ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዶላሩ ዛሬ ቢመጣ ባንኩ የሚገዛችሁ በዚያ ነው። ደረጃውም ብዙ ተመን ሲኖር ገንዘቡ የሚቋጭበትን ተመን ውሰዱ ይላል። ኢንቮይሱን በመሸጫ መዝግባችሁ ክፍያውን በመግዣ ከተቀበላችሁ፣ ተመኑ ሳይነቃነቅ እንኳ በየኢንቮይሱ ትንሽ «ኪሳራ» ይወጣል። በየወሩ አንድ ዓይነት ትንሽ ኪሳራ ካያችሁ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ።

ተመኑን በጻፋችሁ ቀን የባንኩን ሰሌዳ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ከኢንቮይሱ ጋር አስቀምጡ። ከስምንት ወር በኋላ ኦዲተር «57 ከየት መጣ?» ሲል መልሱ ዝግጁ ይሆናል።

ቅድመ ክፍያ ካለ

ይህ ለብቻው የሚሄድ ነው። ደንበኛው ከ10,000 ዶላሩ 4,000ውን ተመኑ 57 በነበረበት ቀን አስቀድሞ ከፈለ እንበል። ይህ 228,000 ብር የቅድመ ክፍያ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። ዕዳውን የምትከፍሉት በሥራ እንጂ በዶላር ስላልሆነ ሰኔ 30 ላይ አይተመንም። ሥራው ተመኑ 100 በሆነበት ቀን ሲያልቅ የዚህ ክፍል ሽያጭ ያው 228,000 ነው። ቀሪው 6,000 ዶላር ብቻ በ100 ተሰልቶ 600,000 ይሆናል፤ ጠቅላላ ሽያጩ 828,000 ብር።

ስህተቱ የሚመጣው ሥራው ሲያልቅ ሙሉውን 10,000 በ100 ስትመዘግቡ ነው። ሽያጩ 1,000,000 ይባላል፣ ቅድመ ክፍያው ግን 228,000 ብቻ ይዘጋለታል። የጎደለው 172,000 ብር «የምንዛሪ ኪሳራ» ተብሎ ይጻፋል። ያ ኪሳራ በሕይወት የለም። ሽያጩ በ172,000 ተነፍቶ፣ ኪሳራው በ172,000 ተፈጥሮ ነው።

በምን እንሥራው?

በከተማችን ብዙ ቢሮ የሚጠቀምበት ፒችትሪ፣ የአሜሪካው ዕትም፣ ብዙ ገንዘቦችን አይዝም። መዝገቡ ሁሉ በብር ነው። ስለዚህ ከጎኑ አንድ የኤክሴል ገጽ ያስፈልጋል፦ የኢንቮይስ ቁጥር፣ ቀን፣ ዶላር፣ ተመን፣ ብር፤ ከዚያ የክፍያ ቀን፣ ዶላር፣ ተመን፣ ብር፣ ልዩነት። ልዩነቱን በጆርናል ታስገባላችሁ። በወር አምስት ስድስት ኢንቮይስ ላለው ይህ ይበቃል፤ እኔም ለትንሽ ቢሮ የምመክረው ይህንን ነው። ምክንያቱም እያንዳንዱ ልዩነት ከየት እንደመጣ በዓይን ይታያል።

ኢንቮይሱ ሲበዛ ኩዊክቡክስ ኦንላይን ይሻላል። `Multicurrency` ሲበራ `Exchange Gain or Loss` የሚል ሂሳብ ራሱ ይከፍታል፣ ክፍያ ስታስገቡ ልዩነቱን ራሱ ያሰላል። ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። አንዴ ከበራ አይጠፋም፣ መነሻ ገንዘቡም ከዚያ በኋላ አይቀየርም። ተመኑን ደግሞ ራሱ ከኢንተርኔት ይሞላል፤ ያ የባንካችሁ መግዣ አይደለም። በእያንዳንዱ ኢንቮይስና ክፍያ ላይ እሱን አጥፍታችሁ የባንካችሁን ተመን ካልጻፋችሁ፣ ባንክ ከገባው ብር ጋር አይገጥምም።

በየትኛውም ብትሠሩ አንድ መፈተሻ አለ። የደንበኛውን ሂሳብ ክፈቱ። በዶላር ዜሮ ሆኖ በብር ቀሪ ካሳየ፣ ልዩነቱ አልተመዘገበም። በእኛ ምሳሌ ያ ቀሪ 426,000 ብር ሆኖ፣ የከፈለ ደንበኛ ከሚገባው በላይ የከፈለ መስሎ ይቆማል። ሰኔ 30 ላይ ደግሞ በዶላር ያለውን ቀሪ በዕለቱ መግዣ አባዙት፤ በብር ካለው ቀሪ ጋር እኩል መምጣት አለበት። የደወለልኝን ሰው መዝገብ ያስተካከልነው በዚህ ነው። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ቦነሱንም ሰጠ፤ ግን ከ570,000ው ላይ አስልቶ።